መኪናዬ ጠዋት መንገዱን ትይዛለች፣ ከሰዓት ትንሸራተታለች

የመክፈቻው ጽሑፍ (የኔ)

ድሬዳዋ ሆኜ ትንሽ የመኪና ውድድር ጌም እየሠራሁ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው። መንገዱ ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ነው። ልክ በልክ አልገለበጥኩትም፤ ኩርባዎቹን ግን በዚያ ያለፈ ሰው ያውቃቸዋል።

የምሠራው ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። መኪናዋ ከባድ ፊዚክስ የላትም። ኮዱ ውስጥ ጎማም፣ ባሌስትራም፣ ማርሽም የለም። ነዳጅ ሲሰጣት አፍንጫዋ ወደዞረበት ትፈጥናለች፣ መሪ ሲዞር ትዞራለች። ወደ ጎን የምትንሸራተትበትን ፍጥነት በየፍሬሙ በ0.9 አባዛዋለሁ፤ እንዲህ እያነሰ ይጠፋል።

ጠዋት ስልኬ ላይ ስሞክራት ኩርባውን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ከምሳ በኋላ ያው መኪና፣ ያው ስልክ፣ ያው ኮድ ሳሙና እንደተቀባ ትሆናለች። አንድ መስመር እንኳ አልነካሁም።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ተፎካካሪዎቹን በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። ተጫዋቹን ጥለው ከሄዱ ይቀንሳሉ፣ ከኋላ ከቀሩ ይፈጥናሉ። የሰፈር ልጆች ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ዘዴውን አወቁበት። እስከ መጨረሻው ኩርባ ከኋላ ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ እዚያ ሲደርሱ ብቻ ነዳጅ ይሰጣሉ፣ ያሸንፋሉ። የትኛው ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሑት ሰው ነበር። እንኳን ደስ አለህ ካለኝ በኋላ ጥፋቱ የጣት ላብ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ጣት ስለሚያልብ ስክሪኑ ንክኪውን በትክክል ላያነብ ይችላል አለ። ግምቱ የሚናቅ አይደለም። ጣቴንም ስክሪኑንም ጠርጌ ደግሜ ሞከርኩ። መኪናዋ ያው ተንሸራተተች።

ምላሽ 2

ይኼኛው በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው። ጥፋቱ ከፍሬም ጋር የተያያዘ መሆኑን ወዲያው አወቀ፤ እዚህ ላይ ልክ ነበር። መድኃኒቱ ግን ሁሉንም ነገር በ`delta`፣ ማለትም አንድ ፍሬም በሚወስደው ጊዜ፣ ማባዛት ነው አለ። ያለውን አደረግኩ። መኪናዋ ባቡር ሆነች፤ በሐዲድ ላይ የምትሄድ እስኪመስል ድረስ ወደ ጎን ቅንጣት አትልም።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሆን `delta` ከሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነው። 0.9 በዚያ ሲባዛ 0.015 ይሆናል። ስለዚህ የጎን ፍጥነቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በ`delta` ማባዛት ለሚደመር ነገር ይሠራል፤ ለምሳሌ ነዳጅ ሲሰጥ ለሚጨመር ፍጥነት። እየተባዛ ለሚያንስ ነገር አይሠራም።

ምላሽ 3

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ገቡ። ጥያቄዬን የእውነት መኪና ጉዳይ አድርገው ነው ያነበቡት። ደንገጎን ሲወርዱ ፍሬን ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደማያዋጣ፣ ፍሬኑ ሲግል እንደሚከዳ፣ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መያዝ እንደሚገባ በዝርዝር ጻፉ። ከሰዓት በኋላ የሚያንሸራትተኝም የጋለ ፍሬን ሳይሆን አይቀርም አሉ። ስለ ጌሙ አንድም ቃል የለበትም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ቆይቶም ጠቀመን።

ምላሽ 4 እና 5

አራተኛዋ መላሽ ነገሩን በትክክል የምታውቅ ሴት ናት። ምንም ምክር ከመስጠቷ በፊት አንድ ቁጥር ጠየቀችኝ። ጠዋትና ከሰዓት በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚታይ ስክሪኑ ላይ አውጥቼ እንዳሳያት ፈለገች። `Engine.get_frames_per_second()` የሚለውን ጥግ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም ሰዓት መዘገብኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 60 ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ለሩብ ሰዓት ያህል ከተጫወትኩበት በኋላ፣ 30 አካባቢ ወረደ። አምስተኛው ምላሽ ይኼው የኔ ቁጥር ነው።

ምላሽ 6

የዚህ የውይይት ክር ዋና መልስ ይኼ ነው። ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቀዘቅዛል አለች። በድሬ ቀትር የስልኩ ጀርባ ቀድሞውኑ ትኩስ ስለሆነ እዚያ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ቶሎ ነው። የኔ ኮድ በየፍሬሙ በ0.9 ያባዛል። 60 ፍሬም ካለ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 30 ካለ 30 ጊዜ ብቻ ይባዛል ማለት ነው። መኪናዋ የምትይዝበት ኃይል በስልኩ ጤና ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በራሴ ኩርባ አስልታ አሳየችኝ። መኪናዋ በሰከንድ 30 ሜትር እየሄደች አፍንጫዋ በ20 ዲግሪ ቢዞር፣ አካሏ ለጊዜው በድሮው አቅጣጫ መሄዱን አያቆምም። ያ ፍጥነት በአዲሱ አቅጣጫ ሲከፈል 28 ያህሉ ወደፊት፣ 10 ያህሉ ወደ ጎን ይሆናል። 60 ፍሬም ላይ ከሩብ ሰከንድ በኋላ የጎኑ ፍጥነት ወደ 2 ይወርዳል። 30 ፍሬም ላይ ግን ገና 5 ገደማ ነው። የጎኑ ፍጥነት እስኪጠፋ ድረስ መኪናዋ በመጀመሪያው 1.6 ሜትር ያህል ትንሸራተታለች፣ በሁለተኛው ከ3 ሜትር በላይ። የጌሜ መንገድ ስፋት 7 ሜትር ነው። ጠዋት ጠርዙን ታክካ የምታልፈው መኪና ከሰዓት የድንጋዩን አጥር የምትመታው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሦስት መስመር ነው፦

```gdscript
var vf = transform.x * velocity.dot(transform.x)
var vs = transform.y * velocity.dot(transform.y)
velocity = vf + vs * exp(-grip * delta)
```

የመጀመሪያው መስመር ወደፊት ያለውን ፍጥነት ይለያል፣ ሁለተኛው የጎኑን። ሦስተኛው የጎኑን ብቻ ይቀንሰዋል፤ የሚቀንሰውም ባለፈው ጊዜ ልክ እንጂ በፍሬም ብዛት አይደለም። `grip` 6.3 ከሆነ ጠዋት የምወደው 0.9 እዚያው ይገኛል። ስልኩ ወደ 30 ፍሬም ቢወርድ በአንድ ፍሬም የሚባዛው 0.81 ይሆናል። ይህ ደግሞ 0.9 ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚሰጠው ነው። በዚያው ከሰዓት ሞከርኩት። ስልኩ እየተቃጠለ መኪናዋ ያዘች!

ምላሽ 7 እና 8

ሁለተኛው ልጅ ተመለሰ፤ ይህን ጊዜ ቃሉ ሻከር ብሏል። ይህን ሁሉ ሒሳብ ማምጣት አያስፈልግም ነበር፣ ኮዱን በየፍሬሙ ከሚጠራው `_process` አውጥቶ `_physics_process` ውስጥ መክተት ይበቃ ነበር አለ። ጎዶት እሱን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚጠራው 0.9 እንደነበረ ቢቀመጥም ችግር የለም ባይ ነው።

እሷ ግማሹን ተቀበለችው። የመኪናው እንቅስቃሴ መቀመጥ ያለበት እዚያ መሆኑን፣ ይህን ከመጀመሪያው መናገር እንደነበረባትም ጻፈች። ግን 60ው በጌሙ ቅንብር የሚቀየር ቁጥር ነው አለች። ነገ 120 ባደርገው 0.9ን ያባዛሁባቸውን ቦታዎች ሁሉ እንደ አዲስ ማስተካከል ይጠብቀኛል፤ `exp` ካለ ምንም አልነካም። በተጨማሪ ስልኩ ከባሰበት ጎዶት በአንድ ፍሬም ውስጥ ብዙ የፊዚክስ እርምጃ ደራርቦ ያስኬዳል። ካልተቀየረ ጣሪያው 8 ነው። ከዚያ ካለፈ ጌሙ ራሱ ይዘገያል፣ ያኔ የትኛውም ኮድ አያድነውም።

ልጁ አልረካም። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ። ለስልክ ጌም ሁለቱም ቢኖሩ አይከፋም ብዬ አምናለሁ።

ከምላሽ 9 እስከ 11

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። አንድ የሐረር ልጅ ጌሙ ውስጥ የሐረሯ ታክሲ ፔጆ 404 ካልገባች ደንገጎ ደንገጎ አይሆንም አለ። ድሪፍት ግን አታደርግም፣ የፊት ጎማዋ ነው የሚጎትታት ብሎ ጨመረበት። ሌላው ቶሎ አረመው። 404 የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈች መኪና ናት። ስለዚህ በእጅ ፍሬን ኋላዋን ማስወጣት ያምርባታል አለ። እውነቱን ነው። ፔጆዋን አሁን እየሣልኳት ነው።

አሥራ አንደኛው መላሽ ከአዲስ አበባ ነበር። የሐረሩ ልጅ ሹፌሩን አባባን አንተ ብሎ መጥራቱ አናደደው። በዕድሜ አባቱ ለሚሆን ሰው እንዲህ አይጻፍም ብሎ ጠንከር ያለ ተግሣጽ ላከ።

ምላሽ 12

ሹፌሩ ራሳቸው መለሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድሬና ሐረር ስለኖሩ አንተ መባል የቅርበት እንጂ የንቀት ምልክት ሆኖ ተሰምቷቸው አያውቅም። አቦ ተዉት፣ ልጁ ምንም አላጠፋም በሚል መንፈስ ነገሩን ዘጉት። ከዚያ ጌሙን አውርደው እንደሞከሩት ነገሩን፤ ይህን ማንም አልጠበቀም። ያልተመቻቸው መሪው ነበር። ቀስ ብሎም ሲኬድ በኃይልም ሲኬድ እኩል ይዞራል አሉ። በእውነት ሲነዳ ግን በጠባብ ኩርባ ላይ መሪው ሙሉ ይጠመዘዛል፣ በሜዳ ላይ ሲበር ጣት ብቻ ነው የሚነካው።

ምላሽ 13

አዋቂዋ ይህን ቃል በቃል ወሰደችው። እሳቸው ያሉት ጌም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነገር ነው አለች። የኔ መኪና በማንኛውም ፍጥነት በሰከንድ ወደ 115 ዲግሪ ትዞር ነበር። ይህ በሰከንድ 8 ሜትር ለሚታጠፍ ኩርባ ልክ ነው። በ30 ሜትር ላይ ግን ጣት ትንሽ ስትንሸራተት መኪናዋ ትገለበጣለች ያስብላል። ፍጥነቱ እስከ 8 ሙሉ ዙር፣ ከዚያ እየቀነሰ 30 ላይ ሲሦው ብቻ እንዲቀር አድርግ አለችኝ። ቆማ ሳለ ደግሞ ጭራሽ እንዳትዞር፤ አለዚያ እንደ እንዝርት ባለችበት ትሽከረከራለች።

አደረግኩት። የዚያን ቀን ልጆቹ መኪናዋን የቀየርኳት መስሏቸው ነበር።

ምላሽ 14 እና 15

ስለ ላስቲኩ መጀመሪያ የጻፈው እዚሁ ድሬ ጌም ቤት ያለው ሰው ነው። የራሱን ገጠመኝ አመጣ። ደንበኛ የሚከፍለው በጨዋታ ነው። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ጥሎት የሄደ ተፎካካሪ ካለ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ይወጣል፣ ሌላ ቀን አይመጣም። ስለዚህ ላስቲክ የሌለው ውድድር ለጀማሪ አይሆንም ባይ ነው።

ቀጣዩ መላሽ በቁጣ ነው የመጣው። ላስቲክ ማታለል ነው አለ። ጥሩ የነዳው ሰው ምን ጥቅም አገኘ? ያ ሁሉ ድካሙ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ አንድ ተፎካካሪ እንደ ጄት ሲያልፈው ገደል ይገባል። ጌም ቤቱንም ለብሩ ብቻ የሚያስብ ነጋዴ አደረገው። ይህ አላስፈላጊ ነበር። ስለ ጄቱ ግን እውነት ተናገረ። የኔ ላስቲክ ከኋላ ለቀረ ተፎካካሪ እስከ 25 በመቶ ይጨምር ነበር። ተጫዋቹ በሰከንድ 30 ሜትር ላይ ጣሪያውን ሲነካ ከኋላው የሚመጣው 37.5 ይሄዳል። ቀጥታ መንገድ ላይ ይህ ለዓይን ግልጽ ነው።

ምላሽ 16

አዋቂዋ ከሁለቱም ጋር አልወገነችም። ላስቲኩን ዘግቼ ብቻዬን አንድ ዙር እንድነዳ አዘዘችኝ፤ በድሮው ኮድ፣ ጠዋትና ከሰዓት። ጠዋት 71 ሰከንድ፣ ከሰዓት 79 ሰከንድ ወጣ። ላስቲኩ ክፍት ሲሆን ግን በሁለቱም ሰዓት ከአንደኛው ጋር ያለኝ ልዩነት ከ2 ሰከንድ አልበለጠም። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ለሳምንታት መኪናዬ መታመሟን ያላየሁት ተፎካካሪዎቹ አብረውኝ ስለዘገዩ ነው። የመኪናው አያያዝ ሳይስተካከል ላስቲክ መክፈት የለብህም አለችኝ፤ ይህን አሁን እኔም ለሌላው እነግራለሁ።

ከዚያ ርቀቱን እንዴት እንደምለካ ጠየቀችኝ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለውን ቀጥታ መስመር ነበር የምለካው። ደንገጎ ላይ ይህ አይሆንም። መንገዱ ተጠምዝዞ በራሱ ላይ ይታጠፋል። ከላይኛው እጥፋት ያለው ተፎካካሪ በአየር 25 ሜትር ላይ ነው፤ በመንገዱ ሲሄዱት ግን 300 ሜትር ይቀድማል። ላስቲኩ ቅርብ ነው ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ መለካት ያለበት በመንገዱ መሐል መስመር ላይ ነው። ጎዶት ለዚህ `get_closest_offset` አለው።

እሱም ወጥመድ አለው ብላ አስጠነቀቀችኝ። መኪና ከመንገድ ወጥታ ወደ ታችኛው እጥፋት ከቀረበች፣ የቅርቡ ነጥብ በድንገት ወደዚያ ይዘላል። ምልክቱ ተፎካካሪው ኩርባ ላይ ያለ ምክንያት ለአፍታ መክነፉ ወይም መቆሙ ነው። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ያለፈውን ነጥብ ማስታወስና ከዚያ 50 ሜትር ወዲያና ወዲህ ብቻ መፈለግ ይፈታዋል።

ምላሽ 17 (የኔ)

ከዚያ በኋላ የደረስኩበትን ለጠፍኩ፦

```gdscript
var gap = player_offset + target - my_offset
var k = clamp(gap / 200.0, -1.0, 0.5) * 0.1
speed = base_speed * (1.0 + k)
```

ከፊት ያለው ቢበዛ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ቢበዛ 5 በመቶ ይጨምራል። ሆን ብዬ ነው ያበላለጥኩት። የቀደመው ሰው ትንሽ ሲዘገይ ማንም አያስተውልም፤ ከኋላ የሚበር ግን ዓይን ይወጋል። `target` ደግሞ ለእያንዳንዱ ተፎካካሪ የተለየ ነው። አንዱ ከተጫዋቹ 40 ሜትር ቀድሞ፣ አንዱ እኩል፣ አንዱ 30 ሜትር ከኋላ መሆን ይፈልጋል። ድሮ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሳቡ ስለነበር እንደ መንጋ ተጣብቀው ይመጡ ነበር። አራተኛውን ላስቲክ አላሰርኩትም፤ በራሱ ይነዳል።

ከምላሽ 18 እስከ 20

የቀረው የልጆቹ ዘዴ ነው። ሁለተኛው ልጅ ጥሩ ነገር አመጣ። ላስቲኩ በመጨረሻው ሩብ ላይ ቀስ በቀስ ይጥፋ፣ 0.1 የሚለው ቁጥር ወደ ዜሮ ይውረድ አለ። ያኔ ከኋላ የጠበቀ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ቀርፋፋ ተፎካካሪ የለም። አዋቂዋም ደገፈችው፤ በዚህ ክር ውስጥ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ የተስማሙበት ብቸኛ ቦታ ነው።

ባለ ጌም ቤቱ ግን አልተዋጠለትም። መጨረሻ ላይ አጥር የመታ ልጅ የሚደርስበት መንገድ ከሌለ ጨዋታውን ይተወዋል አለ። ቁጡው ሰው ይተወው ብሎ መለሰ። ከዚያ በላይ ማንም አልጻፈም።

እሁድ ዕለት በአዲሱ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው የጠበቀው ልጅ አራተኛ ወጣ፣ ተናዶም ሁለተኛውን ጨዋታ ከመነሻው በኃይል ነዳ። ትንሹ ወንድሙ ግን ከመጨረሻው በፊት ባለው ኩርባ አጥሩን መታ፣ ሌሎቹ ሲርቁ አየና ስልኩን መለሰልኝ። ለአሁኑ ላስቲኩ ሩቡ ላይ ሳይሆን መጨረሻው 200 ሜትር ላይ እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ። ትንሹ ቅዳሜ እንደገና ይሞክራል።